የፓምፕ ሶላርን ማጠብና መፈተሽ፦ አቧራን ከስንጥቅ፣ እድፍን ከትኩስ ነጥብ መለየት

በጎጃም መስኖ የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ ሶላር የሚቆሽሸውም በዚያው ወቅት ነው። ሽንኩርቱና ድንቹ ውኃ አብዝተው በሚፈልጉበት በየካቲትና በመጋቢት፣ የፓነሉ መስታወት ከኅዳር ጀምሮ የውቂያ እብቅ፣ የጠጠር መንገድ አቧራና የጭስ ጥላሸት ሲሰበስብ ከርሟል። ቀድሞ በ8 ሰዓት ይሞላ የነበረው ታንከር 10 ሰዓት ላይም ሳይሞላ ሲቀር ብዙ ሰው ጉድጓዱን ወይም ሞተሩን ይጠረጥራል። አንዳንዴ ልክ ነው፤ ጉድጓድም በበጋ ይሸሻል። ነገር ግን ጉድጓድ ከማስቆፈርና ሞተር ከማስፈታት በፊት ፓነሉን ማየት ርካሽ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በተለይ እያንዳንዳቸው 330 ዋት የሆኑ ስድስት ፓነሎችን በሲሪስ አገናኝቶ ከጉድጓድ ውኃ ለሚስብ ሰው ነው። በመራዊ፣ በዳንግላና በአዴት ዙሪያ ጓሮ ውስጥ የሚገጠመው የሶላር ፓምፕ መጠኑ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ለመብራትና ለቴሌቪዥን አንድ ሁለት ፓነል ያለው ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ቮልቱ አነስተኛ ስለሆነ አደጋውም ሥራውም ይቀልለታል።

እኩል የተበተነ አቧራና አንድ ቦታ የተለጠፈ እድፍ

ማጠብ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር መለየት አለብን። በመስታወቱ ላይ እኩል የተበተነ አቧራ ብርሃን ይቀንሳል፤ ብርሃኑ በቀነሰ መጠን የሚመነጨው አምፒርም ይቀንሳል። ኪሳራ ነው፣ ነገር ግን ፓነሉን አያበላሽም። አንድ ቦታ ላይ የተለጠፈ የወፍ ኩስ፣ የጭቃ ቁራጭ ወይም ቅጠል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ፓነል ውስጥ 60 ወይም 72 ሴሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘዋል። በጠባብ ቀጭን መንገድ በሰልፍ የሚሄዱ አህዮችን አስቡ፤ አንዷ ካነከሰች ከኋላ ያሉት ሁሉ በእሷ እርምጃ ይሄዳሉ። የተሸፈነው ሴል ከሌሎቹ እኩል አምፒር ማሳለፍ ሲያቅተው፣ ሌሎቹ የሚያመነጩት ኃይል በእሱ ላይ ያርፋል፤ ማመንጨቱን ትቶ ይበላል፣ ይሞቃል። ትኩስ ነጥብ የሚባለው ይህ ነው። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲደጋገም ሽያጩን ያላቅቃል፣ የጀርባውን ነጭ ሽፋን ያቃጥላል፣ መስታወት እስከመሰንጠቅም ይደርሳል።

ይህን ለመከላከል 72 ሴል ያለው ፓነል በሦስት ቡድን ይከፈላል፤ ለየ24ቱ ሴል አንድ ባይፓስ ዳዮድ በጀርባው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ሴል ክፉኛ ሲሸፈን ዳዮዱ ቡድኑን አልፎ ሌላ መንገድ ይከፍታል። ፓነሉ ይድናል፣ የዚያ ቡድን ኃይል ግን ይቀራል። ስለዚህ መዳፍ የምታክል እድፍ የአንድን ፓነል ሲሶ ልታስቀር ትችላለች። ትንሽ ቦታ የሸፈነች እድፍ ደግሞ ትናቃለች እንጂ ከትልቋ የባሰ ልትጎዳ ትችላለች፤ ዳዮዱ በደንብ ሳይከፈት ሴሉ በግማሽ ተጋርዶ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ይውላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ሲገጠም ብዙም የማይታሰብበት ነገር አለ። ዝናብና ጤዛ አቧራውን ወደ ታች ይጎትቱትና በአሉሚኒየሙ ጠርዝ ላይ የጭቃ ቀበቶ ይሠራል። ፓነሉ ረጅሙ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ከቆመ ይህ ቀበቶ ከሦስቱም ቡድኖች ሴሎችን ይነካል፤ ሁለት ጣት የማይሞላ ጭቃ ፓነሉን በሙሉ ያደክማል። ተጋድሞ ከተገጠመ ግን የሚነካው የታችኛውን ቡድን ብቻ ነው። ሴሎቹ ለሁለት የተቆረጡባቸው አዳዲሶቹ ፓነሎች ቆመውም ቢሆን የላይኛው ግማሻቸው ይተርፋል። የእናንተ ከቆሙት የድሮዎቹ ከሆነ፣ ከመላው መስታወት ይልቅ የታችኛው ጠርዝ የበለጠ ዓይን ይፈልጋል።

«ዝናብ ያጥበዋል እኮ» የሚለውን ከሜጫ ገበሬዎች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሐምሌ ዝናብ በእርግጥ መሀሉን ያጥባል። ያን ጠርዝ ግን አያጥበውም፤ ይባስ ብሎ የሚያከማችበት እሱ ነው። የግንቦት የመጀመሪያው ካፊያ ደግሞ ከምንም በላይ ያበላሻል፤ በወፍራም አቧራ ላይ ጥቂት ጠብ ብሎ ሲያቆም ጠብታው የወረደበት ሁሉ የጭቃ መስመር ሆኖ ይደርቃል።

ከውኃው በፊት ዓይን

ባልዲ ከማንሳታችሁ በፊት ፓነሎቹን ፊትና ጀርባ እየዞራችሁ እዩ። ምክንያቱ የደኅንነት ነው። ስድስት ፓነሎች በሲሪስ ሲያያዙ የእያንዳንዱ 46 ቮልት ተደምሮ ወደ 276 ቮልት ይጠጋል። ይህ ቮልት ፀሐይ እስካለች ድረስ ብሬከር ብታወርዱም ከፓነሎቹ አይጠፋም። መስታወቱ የተሰበረ ወይም የጀርባ ሽፋኑ የተተረተረ ፓነል ላይ ውኃ ማፍሰስ በራስ ላይ ኤሌክትሪክ መጥራት ነው።

የፓነል መስታወት ሲሰበር እንደ መስኮት መስታወት ለሁለት አይከፈልም። አንድ ቦታ ሲመታ መላው ገጽ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፣ ከሥር የተጣበቀበት ፕላስቲክ ስለሚይዘው ግን አይረግፍም። የድሩን መሀል ፈልጉ፤ ምቱ ያረፈበት እዚያ ነው። በእኛ አገር ከበረዶ ቀጥሎ ዋናው ተጠያቂ ወንጭፍ ነው። ማሽላና ዳጉሳ ሲደርስ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች የሚያስወነጭፉት ድንጋይ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። ፓነሉ ከማሳ አጠገብ ከሆነ ለልጆቹ ወንጭፉ የሚዞርበትን አቅጣጫ ማሳየት ከየትኛውም ጥገና ይረክሳል።

ሁለተኛው ዓይነት ስንጥቅ መስታወቱ ደኅና ሆኖ ከሥር ያለው ሴል ሲሰነጠቅ ነው። ሴሉ ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ሲሊከን ነው፤ ሰው ሲረግጠው፣ ሲገጠም ሲጠመዘዝ ወይም አይሱዙ ላይ ተጋድሞ በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ ይሰነጠቃል። በዓይን አይታይም። ወራት ካለፉ በኋላ ግን በሴሉ ላይ ቀንድ አውጣ የሄደችበት የሚመስል ቡናማ ወይም ግራጫ ቀጭን መስመር ይወጣል። መስመሩ በራሱ ኃይል አይቀንስም፤ ከሥሩ ስንጥቅ እንዳለ ግን ይጠቁማል። እንዲህ ያለውን ሴል በወረቀት ላይ መዝግቡት፤ በኋላ ሙቀት ስትለኩ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ እሱ ነው።

ጀርባው ላይ የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ በነጩ ሽፋን ላይ ያበጠ ቦታ፣ ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ የተለወጠ ክብ፣ እና የተቃጠለ ነጥብ። የተቃጠለ ነጥብ ካያችሁ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም፤ ያ ትኩስ ነጥብ ሥራውን ጨርሷል። በማገናኛው ሳጥን ሥር እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ግን የተርብ ቤት አለመኖሩን አረጋግጡ። ገመዱን አይጥ ከበላው ደግሞ ልጣጩ ተገፎ መዳቡ ይታያል፤ እሱም ሳይጠገን ውኃ አይነካም።

እጥበቱ

ጊዜው ንጋት ነው፤ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ መስታወቱን ሳታሞቀው። በቀትር 60 ዲግሪ በደረሰ መስታወት ላይ የጉድጓድ ውኃ መድፋት መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ባይሰነጥቀውም ውኃው ሳይጠረግ ስለሚደርቅ ነጭ እድፍ ይተዋል። በታኅሣሥና በጥር ንጋት ላይ በፓነሉ ላይ የሚያርፈው ጤዛ ደግሞ ረዳት ነው። አቧራውን አለስልሶ ስለሚያቆይላችሁ የሚፈጀው ውኃ ያንሳል።

ፓምፑን ከኮንትሮለሩ አጥፉ፣ ቀጥሎ በፓነልና በኮንትሮለር መካከል ያለውን ብሬከር አውርዱ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ፓምፑ እየሠራ ብሬከሩን ማውረድ በውስጡ ብልጭታ ይፈጥራል። የፓነሎቹን ማገናኛ ሶኬቶች ግን አትንኩ። ፓምፑ እየሳበ ሶኬት የነቀለ ሰው የሚያየው ብልጭታ እንደ ቤት መብራት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ አይደለም፤ ተዘርግቶ እየነደደ ይቆያል።

ውኃው ንጹሕ ይሁን። ለአንድ ፓነል ሦስት ሊትር ገደማ ይበቃል፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስቱንም ያዳርሳል። የጉድጓዳችሁ ውኃ ነጭ ነገር ይተው እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ነጭ ክብ ከቀረ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የዝናብ ውኃ ተጠቀሙ፤ ካልሆነም ውኃው ሳይደርቅ በመኪና መስታወት መጥረጊያ ጎማ ጠርጉት። ይህ ነጭ ነገር በየወሩ ከተደራረበ በውኃ ብቻ አይለቅም።

መጀመሪያ ሳትነኩ አፍስሱበት፤ ከላይ ወደ ታች። ደረቅ አቧራን በጨርቅ መጥረግ ትልቁ ስሕተት ነው፤ አቧራው ውስጥ ያለው አሸዋ መስታወቱን ይፍቀዋል፣ የተፋቀ መስታወት ደግሞ ከዚያ በኋላ አቧራ ይበልጥ ይይዛል። አቧራው ሲርስ በስፖንጅ ወይም ረጅም እጀታ ባለው ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ሳቡት። የወፍ ኩስ ካለ አትፋቁት፤ ርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት፣ ራሱ ይለቃል። አመድ፣ አሸዋ፣ የብረት ሽቦ፣ የዱቄት ማጽጃና ላምባ አይነኩትም።

ሳሙና በተለምዶ አያስፈልግም። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ዙሪያ ከግራር ደን ከሰል በሚከሰልበት ሰፈር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የከሰል ጭስ የሚያጣብቅ ጥላሸት ይተዋል፤ ውኃ ብቻውን ይንሸራተትበታል እንጂ አያነሳውም። በአንድ ባልዲ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና በኋላ በደንብ አለቅልቁ። የቀረ ሳሙና ራሱ አቧራ ይስባል።

የታችኛውን ጠርዝ ለብቻው ጊዜ ስጡት። ስፖንጁን በጠርዙና በመስታወቱ መገጣጠሚያ ላይ ወደ ጎን ሳቡ፤ ከክረምት የቀረ አረንጓዴ ሻጋታም የሚበቅለው እዚያ ነው። በቢላዋ ወይም በቆርቆሮ አትቆፍሩት፣ ማሸጊያው ጎማ እዚያው ሥር ነው። ፓነሉ ላይ መውጣት፣ መንበርከክና መሰላል ማስደገፍ ፈጽሞ አይፈቀድም። መስታወቱ ሰው ሊሸከም ይችል ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ሴል ግን አይችልም።

ትኩስ ነጥብ ፍለጋ

የሚያስፈልገው የሽጉጥ ቅርጽ ያለው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ነው። ኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው ግን አይሆንም፤ እሱ የሚያነበው የሰው ገላ ሙቀት አካባቢ ያለውን ብቻ ነው። የሚፈለገው መካኒኮች የሚይዙት፣ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚያነበው ነው። የሙቀት ካሜራ ያለው ባለሙያ ካገኛችሁ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል፤ በሽጉጡ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል እንጂ ያው ነገር ይገኛል።

ሰማዩ ጥርት ያለበትን ቀን ምረጡ፤ ሰዓቱ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ፓምፑ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የቆየ መሆን አለበት። ታንከሩ ሞልቶ ፓምፑ ከቆመ በፓነሎቹ ውስጥ አምፒር አይሄድም፤ አምፒር ከሌለ ትኩስ ነጥብ አይኖርም፣ የታመመውም ከጤነኛው ጋር አንድ ይመስላል። ብዙ ሰው «ለክቼ ምንም የለም» የሚለው ፓምፑን ለጥንቃቄ ብሎ አጥፍቶ ስለሚለካ ነው።

ከፊት ይልቅ ከጀርባ ለኩ። መስታወቱ ሰማይን ስለሚያንጸባርቅ ሽጉጡ ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል፤ ነጩ ጀርባ ግን እውነቱን ይናገራል። ጀርባውን በእጅ አትንኩ፤ የተተረተረ ካለ በቮልቱ፣ የጋለ ካለ በሙቀቱ ትጎዳላችሁ። ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ በቀጥታ ፊት ለፊት ደግኑ። አብዛኛው ሽጉጥ በአንድ ሜትር ርቀት የሚያነበው ወደ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ነው፤ አንድ ሴል ደግሞ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚሰፋ ሌላ ሴል አይቀላቀልበትም። ርቃችሁ ከለካችሁ ግን ትኩሱ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋችኋል። በረድፍ በረድፍ ሂዱ።

ዋናው ነገር ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን ልዩነቱ ነው። በጠራ ቀን 50 ወይም 55 ዲግሪ የተለመደ ነው። ከማገናኛው ሳጥን ጎን ያሉት ሴሎች ሳጥኑ አየር ስለሚከለክላቸው በጥቂት ዲግሪ መሞቃቸውም የተለመደ ነው። አንድ ሴል ከጎረቤቶቹ በ10 ዲግሪ ከበለጠ ምክንያቱ ይፈለግ፤ በ20 ከበለጠ ጉዳዩ አያድርም።

ስድስት ፓነሎች፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ችግሮች

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ዳንግላ አካባቢ የካቲት ላይ ስድስቱ ፓነሎች ከታጠቡ አራት ሳምንት ሆኗቸዋል እንበል። በመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ *ሳታጥቡ* ለካችሁ፤ ይህ አስፈላጊ ነው። አብዛኛው ሴል ከ52 እስከ 55 ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ፓነል ላይ ከታችኛው ጠርዝ ያለ አንድ ሴል 71 ሆነ። አምስተኛው ላይ መሀል ያለ አንድ ሴል 78 ሆነ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ አንድም ሴል ጎልቶ አልሞቀም፤ የፓነሉ አንድ ሲሶ በሙሉ ግን ከቀሪው በ5 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል።

በማግስቱ ንጋት አጠባችሁ፤ ቀትር ላይ እነዚያኑ ቦታዎች ደግማችሁ ለካችሁ። የሁለተኛው ፓነል ሴል 55 ሆነ፣ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። እድፍ ነበር፣ አለቀ። የአምስተኛው 77 ላይ ቆመ፤ መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ ሙቀቱ አልወረደም። ይህ ከሥር የተሰነጠቀ ወይም ሽያጩ የተላቀቀ ሴል ነው፣ በውኃ አይድንም። አጥባችሁ ብቻ ብትለኩ ኖሮ ሁለተኛው ፓነል ላይ እድፍ የሚሰበሰብበትን ቦታ ሳታውቁት ትቀሩ ነበር፤ ሳታጥቡ ብቻ ብትለኩ ደግሞ ደኅናውን ከታመመው ደባልቃችሁ ትጥሉ ነበር።

የሦስተኛው ሲሶ አሁንም ሞቅ እንዳለ ነው። እንዲህ ያለ ሙቀት የሚመጣው ያ ቡድን ኃይሉን ወደ ፓምፑ መላክ ሲያቆም ነው፤ በኤሌክትሪክ መልክ መውጣት የነበረበት እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚያረጋግጠው ቮልት ነው። ፓምፑን አጥፍታችሁ፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ የፓነሉን ሁለት ሶኬቶች ነቅላችሁ በቴስተር ለኩ፤ አሁን አምፒር ስለማይሄድ መንቀሉ ብልጭታ የለውም። በጀርባው ወረቀት ላይ Voc የሚለው 46 ቢሆንም ፓነሉ በሞቀበት ሰዓት ወደ 42 መውረዱ ጤናማ ነው። ሌሎቹ 42 እያነበቡ ይህ 28 ካነበበ ልክ ሲሶው ጠፍቷል። ወይ ባይፓስ ዳዮዱ ተቃጥሎ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሳልፍ ሆኗል፣ ወይ በውስጥ ያለው ማያያዣ ተበጥሷል። ከመብረቅ በኋላ ይህን ማየት የተለመደ ነው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ፓነሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ሳጥኑ የሚከፈት ከሆነ ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አድርጋችሁ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። ደኅና ዳዮድ በአንድ በኩል ከ0.2 እስከ 0.4 ያነባል፣ በሌላው ምንም አያሳይም። በሁለቱም በኩል ዜሮ ካነበበ የተቃጠለው እሱ ነው፤ ዳዮዱ ርካሽ ነው፣ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይቀይረዋል። በፕላስቲክ ተሞልቶ የታሸገ ሳጥን ግን አይከፈትም።

አምስተኛው ፓነል ምን ይደረግ? ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ ስላለፈ ከመስመሩ ቢወጣ ይሻላል። የዋስትና ወረቀት ካለ ሁለቱን የሙቀት ንባቦች፣ የፓነሉን ተከታታይ ቁጥርና ፎቶ አያይዙ፤ «ውኃው ቀነሰብኝ» ከማለት ይልቅ ይህ ይሰማል። አንድ ፓነል ሲወጣ ግን ጠቅላላ ቮልቱ በሲሶ ወይም በግማሽ ሳይሆን በአንድ ስድስተኛ ነው የሚወርደው፤ ኮንትሮለሩ ለመነሣት የሚፈልገውን ዝቅተኛ ቮልት መመሪያው ላይ ተመልከቱ። ተተኪው ፓነል ዋቱ ብቻ ሳይሆን አምፒሩም ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰል፤ አምፒሩ ያነሰ ፓነል ንጹሕ ሆኖ ሳለ መስመሩን እንደ እድፍ ያነክሰዋል። መስታወቱ የተሰበረ ፓነል ደግሞ በፕላስተርና በላስቲክ ተለጥፎ አይቀመጥም። ለጊዜው ኃይል መስጠቱ አያታልላችሁ፤ የሰኔ ውኃ ገብቶ ቮልቱን ወደ ብረቱ ማቆሚያ ያወጣዋል።

በስንት ጊዜ ይታጠብ?

ለጎጃም ሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ከጠጠር መንገድ ዳር ያለና ሣር መሀል ያለ ፓነል አንድ አይደሉም፤ ከአውድማ በነፋስ አቅጣጫ ያለውማ በሁለት ቀን ይሸፈናል። ስለዚህ የራሳችሁን ቁጥር ራሳችሁ አውጡ። ለዚህ የቀጥታ ጅረት፣ ማለትም የDC አምፒር የሚለካ ክላምፕ ሜትር ያስፈልጋል፤ የግድግዳ መብራት ብቻ የሚለካው አይሠራም። ከሌላችሁ ባለሙያ በመጣ ቀን አሠሩት።

ከታጠቡ አራት ሳምንት ሲሞላ ንጋት ላይ አንዱን ፓነል ብቻ እጠቡ፣ ሌሎቹን ተዉ። ቀትር ላይ ፓምፑን አጥፍታችሁ ብሬከሩን ካወረዳችሁ በኋላ የታጠበውን ፓነል በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ሁለቱን ሶኬቶቹን ነቅላችሁ እርስ በርስ አገናኙ፣ ክላምፑን ገመዱ ላይ አድርጉ፣ ብርድ ልብሱን ግለጡና አንብቡ። ደግማችሁ ሸፍናችሁ ብቻ ንቀሉ፤ ሳይሸፈን መንቀል ብልጭታ ይፈጥራል። ወዲያው ያልታጠበውን እንዲሁ ለኩ። በሁለቱ መካከል ደመና ካለፈ ልኬቱ ከንቱ ነው፣ ደግሙት።

የታጠበው 8.0 አምፒር፣ ያልታጠበው 7.2 አነበበ እንበል። ኪሳራው አሥር በመቶ ነው። በቀን 30,000 ሊትር ለሚስብ ፓምፕ ይህ ቢያንስ 3,000 ሊትር፣ ማለትም አሥራ አምስት በርሜል ውኃ ነው። አቧራ በበጋ ከሞላ ጎደል በእኩል ፍጥነት ስለሚከማች አምስት በመቶ የደረሰው በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ነበር። አምስት በመቶን ወሰን ብታደርጉ የእናንተ ቁጥር በየሁለት ሳምንቱ ነው። ልዩነቱ አራት በመቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ በየወሩ ማጠብም ይበዛል፤ ትርፍ እጥበት ትርፍ መፋቅ ነው።

ይህ ልኬት የሚያሳየው እኩል የተበተነውን አቧራ ብቻ መሆኑን አትርሱ። አንድ ሴል በኩስ የተሸፈነ ፓነል በዚህ መንገድ ሲለካ ዳዮዱ ስለሚያሳልፍለት ደኅና አምፒር ሊያሳይ ይችላል። ቮልትም በተቃራኒው አቧራን አያሳይም፤ በአቧራ የተሸፈነ ፓነል ከንጹሑ ጋር የሚቀራረብ ቮልት ያነባል። «ቴስተር አድርጌበት 42 ነው፣ ደኅና ነው» ብሎ የሄደ ባለሙያ የለካው ሌላ ነገር ነው።

የኔ ልማድ እንዲህ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ክረምት ሲወጣ ጠርዙን ለይቶ ማጠብና ጀርባውን መፈተሽ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀን ከመቁጠር ይልቅ ውቂያው ያለቀ ሰሞን ማጠብ፤ እብቅ እየበረረ ማጠብ ድካም ነው። ከጥር እስከ ግንቦት በልኬቱ ቁጥር መሄድ፣ ለመንገድ ዳር ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት፣ ለሣር መሀል አንድ ወር። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጠርዙን ብቻ ማየት። የሙቀት ፍተሻ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጥቅምትና የካቲት ላይ ይበቃል። በረዶ የጣለ ወይም መብረቅ በቅርብ የወረደ ዕለት ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በረዶው መስታወቱን፣ መብረቁ ቮልቱን እንደነካ በማግስቱ ይታያል። የወፍ ኩስ ደግሞ ቀጠሮ የለውም፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ታንከሩን ለማየት ስትሄዱ ዓይናችሁን ወደ ፓነሎቹ መወርወር ነው፣ ካለ ያኔውኑ ርጥብ ጨርቅ ማልበስ።